ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሲፈልግ፦ በሥራ ማስታወቂያው ላይ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ 40 ክፍል ያለው አንድ ሆቴል የሚከተለውን ማስታወቂያ አወጣ እንበል፦ «ሪሴፕሽኒስት እንፈልጋለን። ፆታ ሴት፣ ዕድሜ 20–28፣ መልከ መልካም፣ የሥራ ልምድ 2 ዓመት፣ የሙከራ ጊዜ 3 ወር፣ ደመወዝ በስምምነት። ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 7 ተከታታይ የሥራ ቀናት ይቅረቡ።» ይህን የመሰለ ጽሑፍ በየማስታወቂያ ሰሌዳው ስለምናየው ስህተቱ አይታወቀንም።

ከሁሉ የሚብሰው ስህተት ሥራው ምን እንደሆነ አለመነገሩ ነው። በትልልቅ ሆቴሎች ገንዘብ ተቀባዩ፣ ክፍል የሚያስይዘውና ስልክ የሚያነሳው የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። በ40 ክፍል ሆቴል ግን ይህን ሁሉ የሚሠራው አንድ ተረኛ ነው። ከትልቅ ሆቴል የመጣች አመልካች ይህን ሳታውቅ ከተቀጠረች፣ በመጀመሪያው ቀን የካዝና ቁልፍ ሲሰጣት ትደነግጣለች፤ ወር ሳይሞላም ልትለቅ ትችላለች። ስለዚህ ኃላፊነቱ ከፈረቃ መግቢያ እስከ መውጫ ባለው ቅደም ተከተል ቢጻፍ ይሻላል፦

«ተረኛው የቀደመውን ፈረቃ መዝገብና ጥሬ ገንዘብ ቆጥሮ ይረከባል፤ በስልክና በኢንተርኔት የሚመጡ የክፍል ማስያዣ ጥያቄዎችን ይመዘግባል፤ የእንግዳውን መታወቂያ ወይም ፓስፖርት አይቶ የመመዝገቢያ ቅጽ ያስሞላል፤ የትኞቹ ክፍሎች እንደተዘጋጁ ከጽዳት ሠራተኞች ያረጋግጣል፤ እንግዳው ሲወጣ ሂሳቡን ዘግቶ ደረሰኝ ይሰጣል። የሌሊት ተረኛ በተጨማሪ የዕለቱን ገቢ አስታርቆ ለሂሳብ ክፍል ያዘጋጃል።»

ከዚህ በኋላ «ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎችን ያከናውናል» የሚለውን የተለመደ ሐረግ መጨመር ይቻላል፤ ነገር ግን ሐረጉ ሻንጣ መሸከምን ወይም የቁርስ ትዕዛዝ መቀበልን የሚጨምር ከሆነ በግልጽ መጻፍ አለበት።

ሁለተኛው ስህተት ሰዓቱን መዝለል ወይም «በፈረቃ» ብሎ ማለፍ ነው። የእንግዳ መቀበያ 24 ሰዓት ክፍት ስለሆነ አመልካቹ ማወቅ የሚፈልገው ሌሊቱን ነው። «ከጠዋቱ 1 እስከ ቀኑ 9፣ ከቀኑ 9 እስከ ምሽቱ 5፣ ከምሽቱ 5 እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት፤ የሌሊት ተራ በየሦስተኛው ሳምንት ይደርሳል» ተብሎ ቢጻፍ የሚያከራክር ነገር አይኖርም። «ጠዋት» እና «ምሽት» የሚሉት ቃላት ግድ ናቸው፤ በውጭ አቆጣጠር ማንበብ የለመደ አመልካች «ከ1 እስከ 9» የሚለውን ባዶ ቁጥር በሌላ መንገድ ሊረዳው ይችላል። ምሽት 5 ሰዓት ላይ ታክሲ ማግኘት ስለሚከብድ ሆቴሉ ሰርቪስ የሚሰጥ ከሆነ በዚያው መስመር መጠቀስ ይኖርበታል፤ የማይሰጥ ከሆነም እንዲሁ። በእኔ እይታ ከደመወዙ ቀጥሎ ለመቅረብ ወይም ለመተው የሚያስወስነው ይህ መረጃ ነው።

ደመወዝን «በስምምነት» ብሎ ማለፍ ሦስተኛው ስህተት ነው። ቁርጥ ያለው አኃዝ ባይወሰን እንኳ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን መነሻ መግለጽ ይቻላል። ሆቴሉ የአገልግሎት ክፍያ የሚያስከፍል ከሆነ ከዚያ ለሠራተኛው የሚደርሰው ድርሻ ከደመወዙ ተለይቶ መጻፍ አለበት፤ ሁለቱ ተደምረው ሲነገሩ እንግዳ በሚቀንስበት ወር ቅሬታ ይነሳል። ጥሬ ገንዘብ ስለሚያዝ ተያዥ የሚጠየቅ ከሆነም አስቀድሞ ይነገር፤ ፈተና አልፎ በመጨረሻው ቀን ተያዥ መፈለግ ለማንም ፈተና ነው። የሙከራ ጊዜውም ሊታረም ይገባል፦ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም፤ በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ ይህ 10 ሳምንት ያህል ነው እንጂ 3 ወር አይሞላም።

ፆታ፣ ዕድሜና መልክ መዘርዘር ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። አዋጁ ሠራተኞችን በፆታ መለየትን ይከለክላል፤ ከዚያም በላይ መልክ ሂሳብ አያስታርቅም። በቦታው ሊገባ የሚገባው የሚፈተን ነገር ነው፦ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የስልክ ጥሪ ማስተናገድ፣ ኮምፒዩተር መጠቀም፣ ገንዘብ ቆጥሮ ማስረከብ። ሆቴሉ አሠራሩን ራሱ የሚያስተምር ከሆነ 2 ዓመት ልምድ መጠየቁም ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በመስኩ የተመረቁትን ያለ ምክንያት ያርቃል፤ «ልምድ ያለው ይመረጣል፤ አዲስ ተመራቂም ማመልከት ይችላል» ቢባል በቂ ነው።

የመጨረሻው የቀን ጉዳይ ነው። «ከወጣበት ቀን ጀምሮ» የሚለው አነጋገር ከጋዜጣ የተወረሰ ነው፤ ጋዜጣ ቀኑን በራሱ ላይ ይይዛል። በቴሌግራም ከቻናል ወደ ቻናል የሚዘዋወር ማስታወቂያ ግን የወጣበት ቀን ስለሚጠፋበት፣ ከወር በኋላም ስልክ ይደወላል። «እስከ ዓርብ ጥቅምት 20 ቀን፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ» ብሎ ዓመተ ምሕረቱን ጨምሮ መጻፍ፣ ከሥሩም የሆቴሉን ሙሉ አድራሻ፣ ማመልከቻ የሚቀበለውን ክፍልና «ለምዝገባ ምንም ክፍያ አይጠየቅም» የሚል መስመር ማከል ያስፈልጋል፤ በሆቴሎች ስም ገንዘብ የሚሰበስቡ አጭበርባሪዎች ስላሉ ጠንቃቃ አመልካች መጀመሪያ የሚፈልገው ይህንን መስመር ነው።