ላፕቶፔ 98 ዲግሪ ላይ ሲቆም ያደረግኩት

ቪዲዮ ኤዲት ሳደርግ ላፕቶፔ መጀመሪያ ይፈጥናል፣ ትንሽ ቆይቶ ይንቀራፈፋል። HWiNFO የሚባለውን የሙቀት መለኪያ ፕሮግራም ከፍቼ ሳይ ፕሮሰሰሩ 98 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ቆሟል። ፍጥነቱ ደግሞ ከ3.5 ወደ 1.4 ጊጋኸርዝ ወርዷል። Core Thermal Throttling የሚለው፣ ፕሮሰሰሩ በሙቀት ምክንያት ፍጥነት መቀነሱን የሚያሳየው መስመር Yes ይላል።

ሥራ ሲፈታ ከ40 እስከ 55፣ ከባድ ሥራ ላይ ከ70 እስከ 90 ዲግሪ ለላፕቶፕ ደህና ነው። የብዙዎቹ የኢንቴል ላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ጣሪያ 100 አካባቢ ነው። ፕሮግራም ሲከፈት ለሰከንዶች 95 ቢነካ አያሳስብም። እዚያው ተጣብቆ ሲቀር ግን ሙቀቱ መውጫ አጥቷል ማለት ነው። ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ ቶሎ አይቃጠልም፤ አጠገቡ ያሉት ባትሪና ሌሎች ዕቃዎች ግን በሙቀቱ ቶሎ ያረጃሉ።

ፋኑ በኃይል ይጮሃል፣ ከጎን የሚወጣው አየር ግን ደካማ ነበር። ይሄ የመዘጋት ምልክት ነው። አጥፍቼ፣ ክዳኑን ፈትቼ፣ መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ነቀልኩ። በፋኑና በመዳብ ክንፎቹ መሃል አቧራው እንደ ጨርቅ ተነጥፏል። ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣቴ ይዤ ነፋሁት። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው ብረት መሃል የሚቀባው ቴርማል ፔስትም ደርቆ ተሰነጣጥቆ ስለነበር በአልኮል ጠርጌ፣ አዲስ በስሱ ቀባሁ። የማቀዝቀዣውን ብረት ብሎኖች በአጠገባቸው በተጻፈው ቁጥር ተራ ማሰር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ብረቱ አንድ ወገን ብቻ ይጫናል።

አሁን በዚያው ቪዲዮ 82 አካባቢ ይቆያል፤ ፍጥነቱም 3 ጊጋኸርዝ ላይ ጸንቷል። ከጸዳ በኋላም 98 የሚል ካለ ፋኑን ይመርምር፤ ሳይሞት የደከመ ፋን አለ።