መስመሮቹ ስለተነካኩ ብቻ «ለውጥ የለም» አይባልም

ስለ እናቶች ሞት አንዲት ስላይድ ይዤ ስብሰባ ላይ ቀርቤ ነበር። ቁጥሮቹ የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ናቸው። በ2011 እ.ኤ.አ. በተደረገው ጥናት ከእርግዝና ጋር የተያያዘው ሞት ለ100,000 በሕይወት ለተወለዱ ሕፃናት 676 ነበር። በ2016ቱ 412 ሆነ። ጥናቱ የሚያነጋግረው የተመረጡ ቤተሰቦችን ብቻ ስለሆነ ግምቱ ወዲህና ወዲያ ሊል ይችላል። ይህን የሚያሳየው ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ለመጀመሪያው ከ541 እስከ 810፣ ለሁለተኛው ከ273 እስከ 551 ነው። ግምቶቹን በሁለት ነጥብ፣ ኢንተርቫሎቹን በመስመር ሠራሁና አቀረብኩ።

አንድ አንጋፋ ሐኪም እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ መስመሮቹ ይነካካሉ እኮ። ታዲያ ቀነሰ የምትለው ምኑ ነው?»

ጥፋቱ የሳቸው አልነበረም፣ የስላይዱ ነበር። ትልቁ ስህተት ይሄው ነው፦ ጥያቄው ስለ ልዩነቱ ሆኖ ሳለ ሁለቱን ግምቶች ለየብቻ አስቀምጦ ተመልካቹን «አንተው አወዳድር» ማለት። ዓይን ደግሞ መነካካትን ካየ «ያው ናቸው» ይላል። ግን እስቲ አስቡት። እውነተኛው ቁጥር በሁለቱም ጊዜ 545 አካባቢ ቢሆን ኖሮ፣ የ2011ዱ ጥናት በጣም ከፍ አድርጎ፣ የ2016ቱም በጣም ዝቅ አድርጎ መሳት ነበረበት። አንዱ ሊስት ይችላል። ሁለቱም ያን ያህል፣ ያውም በተቃራኒ አቅጣጫ መሳታቸው ግን እምብዛም አይገጥምም።

መፍትሔው ልዩነቱን ራሱን ማስላት ነው። ልዩነቱ 264 ነው። የመጀመሪያው መስመር ግማሽ ርዝመት 134.5፣ የሁለተኛው 139 ነው። ሁለቱን እያንዳንዳቸው በራሳቸው አባዙ፣ ደምሩ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጡ፦ 193 ገደማ ይመጣል። እንግዲህ ቅነሳው 264 ሲሆን ኢንተርቫሉ ከ71 እስከ 457 ነው። ዜሮ፣ ማለትም «ለውጥ የለም»፣ ውስጡ የለም። ይህ ስሌት የሚሠራው ግን ሁለቱ ጥናቶች የየራሳቸው ናሙና ስላላቸው ነው። ያንኑ ሰው ሁለቴ ጠይቃችሁ ከሆነ አይሆንም።

አዲሱ ስላይድ ላይ አንድ ነጥብና አንድ አግድም መስመር ብቻ ቀረ። ግራ በኩል ዜሮ ላይ ቀጥ ያለ ቀጭን መስመር አሰመርኩና «ለውጥ የለም» ብዬ ጻፍኩበት። ጫፎቹ ላይ 71 እና 457ን አስቀመጥኩ። አንድ ነገር ሲለወጥ ሌላው በምን ያህል እንደሚለወጥ የሚገምተው የሪግሬሽን ውጤትም በዚሁ መልክ ይቀርባል። `coef`፣ `std err`፣ `P>|t|` የሚለውን ሠንጠረዥ ከሶፍትዌሩ ገልብጦ መለጠፍ ግን የሥራ ማስታወሻን ለእንግዳ እንደማቅረብ ነው።

ርዕሱስ? «ውጤት» የሚል ርዕስ ባዶ ነው። «ሞቱ ቀንሷል፤ በምን ያህል የሚለው ግን ገና ሰፊ ነው» ብላችሁ ጻፉ። ከመስመሩ ሥር ምን እንደሆነ ግለጹ። ግምቱ ከናሙና ናሙና ምን ያህል እንደሚዋዥቅ የሚለካው ስታንዳርድ ኤረር ነው ወይስ 95 በመቶ ኢንተርቫል? ሁለተኛው የመጀመሪያውን እጥፍ ያህል ይረዝማል። ያልተሰየመ መስመር ያሳስታል።

ሌላው የአነጋገር ስህተት ነው። «እውነቱ እዚህ ውስጥ የመሆኑ ዕድል 95 በመቶ ነው» ይባላል። 95ቱ ግን የሚናገረው ስለ ዘዴው ነው። ጥናቱ ደጋግሞ ቢካሄድ ከ100 ኢንተርቫሎች 95 ያህሉ እውነተኛውን ቁጥር ይይዙ ነበር ማለት ነው። ይህን ሁሉ መድረክ ላይ መተንተን ስብሰባውን ያስተኛል። እኔ «ከመረጃው ጋር የሚስማማው ቅነሳ ከ71 እስከ 457 ነው» ብዬ አልፋለሁ።

መስመሩ ሁሉንም ጥርጣሬ እንደሚይዝ አድርጎ ማቅረብ ግን ይብሳል። በዚህ ጥናት ሴቶች የሚጠየቁት ስለ እናታቸው ልጆች ነው፦ የትኛዋ እህት ሞተች፣ በእርግዝና፣ በወሊድ ወይስ ከወሊድ በኋላ በሁለት ወር ውስጥ? አንዷ ብትረሳ ወይም እህቷ ነፍሰ ጡር እንደነበረች ባታውቅ መስመሩ ውስጥ አይገባም። መስመሩ የሚለካው በናሙና የሚመጣውን ስህተት ብቻ ነው። አንዲት አነስ ያለች ዓረፍተ ነገር ከታች ይበቃል። ቅነሳውን ለአንድ ፕሮግራም መስጠትም አይቻልም፤ ሁለት ቁጥር ምክንያትን አይናገርም።

ስላይዱን ቀይሬ ለሐኪሙ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ለጥቂት ጊዜ አዩት።

«ቀንሷልስ ቀንሷል» አሉ። «ግን 71 የትና 457 የት! ይሄን ያህል ለምን ሰፋ?»

«የሞቱት እህቶች በናሙናው ውስጥ ጥቂት ስለሆኑ ነው፣ ዶክተር።»