ማርጂን ኮል የሚመጣበትን ዋጋ አስቀድሞ እንዴት ማስላት ይቻላል

በአሜሪካ ገበያ አክሲዮን ለመግዛት አካውንት የሚከፍት ሰው የካሽ ወይም የማርጂን አካውንት ይመርጣል። በካሽ አካውንት መግዛት የሚችለው ባለው ገንዘብ ልክ ነው። በማርጂን አካውንት ግን የደላላው ድርጅት የግዢውን ከፊል ያበድረዋል፤ በአካውንቱ ያሉት አክሲዮኖችም ለብድሩ መያዣ ይሆናሉ። የመያዣው ዋጋ በየቀኑ ይለዋወጣል፣ ዕዳው ግን በአክሲዮኑ መውረድ አይቀንስም። ማርጂን ኮል የሚባለው የ«ገንዘብ ጨምር» ጥያቄ የሚወለደው ከዚህ ልዩነት ነው።

ስሌቱ የሚጀምረው ብድሩን ለይቶ በማወቅ ነው። ሬጉሌሽን ቲ የተባለው የፌዴራል ሪዘርቭ ደንብ ከ1974 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ገዢው ከአብዛኛው አክሲዮን ዋጋ ቢያንስ ግማሹን ከኪሱ እንዲያወጣ ያዛል። እንግዲህ አንድ ሰው እያንዳንዱ 100 ዶላር የሚያወጣ 200 አክሲዮን ገዛ እንበል። ጠቅላላው 20,000 ዶላር ነው፤ 10,000ውን ራሱ ከፈለ፣ 10,000ውን ተበደረ።

ቀጥሎ ከግዢው በኋላ ሳይጓደል መቆየት ያለበትን የራስ ድርሻ መጠን ማወቅ ያስፈልጋል። የራስ ድርሻ ማለት ከአክሲዮኑ የዕለቱ ዋጋ ላይ ብድሩ ሲቀነስ የሚተርፈው ነው። የደላሎች ተቆጣጣሪ የሆነው ፊንራ ይህ ድርሻ ከአክሲዮኑ ዋጋ ከ25 በመቶ እንዳይወርድ ይጠይቃል፤ ድርጅቶቹ ግን የራሳቸውን ከፍ ያለ ወለል፣ ብዙ ጊዜ 30 ወይም 40 በመቶ፣ ያስቀምጣሉ። ወለሉ ከአክሲዮን አክሲዮን ስለሚለያይ ለያዙት አክሲዮን የተወሰነውን ቁጥር በራሱ መመልከት ይገባል።

እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ከተገኙ የሚቀረው አንድ ማካፈል ነው።

```
ብድር ÷ (1 − ወለል) = 10,000 ÷ 0.70 = 14,285.71
14,285.71 ÷ 200 = 71.43
```

ስለዚህ ወለሉ 30 በመቶ ከሆነ ጥሪው የሚመጣው አክሲዮኑ ከ71.43 ዶላር ሲወርድ ነው። አክሲዮኑ እዚያ ሲደርስ የወረደው ከሦስት እጅ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ የባለቤቱ 10,000 ዶላር ግን ወደ 4,286 ወርዷል።

ዋጋው 68 ዶላር ላይ ቢዘጋ አክሲዮኑ 13,600፣ የራስ ድርሻውም 3,600 ይሆናል። መኖር የነበረበት የ13,600 30 በመቶ፣ ማለትም 4,080 ስለሆነ፣ የጎደለው 480 ዶላር ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ 480 ዶላር ጥሬ ገንዘብ ማስገባት ጉድለቱን ይሞላል፣ የ480 ዶላር አክሲዮን መሸጥ ግን አይሞላውም። ሽያጭ ብድሩን ቢቀንስም የራስ ድርሻውን አይጨምርም፣ የሚያሳንሰው የሚፈለገውን መጠን ብቻ ነው። ስለዚህ 480 ለ0.30 ተካፍሎ የ1,600 ዶላር፣ ማለትም 24 ያህል አክሲዮን መሸጥ ይኖርበታል።

ዋጋው ብዙም ሳይወርድ ጥሪ የሚመጣበት ጊዜም አለ። ድርጅቱ ወለሉን ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ከፍ ማድረግ ይችላል፤ ዋጋው የሚዋዥቅ አክሲዮን ሲሆን ወይም አካውንቱ በአንድ አክሲዮን ብቻ ሲሞላ ይህ የተለመደ ነው። በምሳሌያችን አክሲዮኑ 90 ዶላር ላይ እያለ ወለሉ ወደ 50 በመቶ ቢነሣ፣ ድርሻው 8,000 ሆኖ የሚፈለገው 9,000 ነውና የ1,000 ዶላር ጥሪ ይመጣል። ወለዱም እንዲሁ በዝምታ ይሠራል፤ ካልተከፈለ በብድሩ ላይ ይደመራል። በዓመት 8 በመቶ ቢታሰብ ብድሩ በዓመቱ 10,800 ይሆንና የጥሪው ዋጋ ከ71.43 ወደ 77.14 ይወጣል። አንድ ጊዜ አስልቶ የተወ ሰው የሚደነግጠው በዚህ ምክንያት ነው። አካውንቱ ላይ House Surplus ወይም Excess Liquidity የሚለው መስመር ከወለሉ በላይ የቀረውን ትርፍ ስለሚያሳይ፣ ከአክሲዮኑ ዋጋ ይልቅ እሱን መከታተል ይበጃል።

ጥሪው ሲመጣ ጥቂት ቀን ይሰጣል የሚለው ግምት በውሉ ላይ መብት ሆኖ አልተጻፈም። ድርጅቱ ደንበኛውን ሳያነጋግር የመሸጥ፣ የሚሸጠውንም ራሱ የመምረጥ ሥልጣን አለው። ሽያጩም ቢሆን ዕዳውን ላይሸፍን ይችላል፤ ማታ መጥፎ ዜና ወጥቶ አክሲዮኑ በማግስቱ 45 ዶላር ላይ ቢከፈት፣ 200ው ተሸጦ የሚገኘው 9,000 ነው፤ ቀሪውን 1,000 ዶላርና ወለዱን ባለ አካውንቱ ከኪሱ ይከፍላል።