ከውጭ አገር የተላከ የመንገድ ምልክት ፎቶ እንዴት ይነበባል?

ጀርመን ያለች እህት ባሕር ዳር ላለው ወንድሟ በቴሌግራም ፎቶ ላከች እንበል። ምልክቱ ክብ ነው፤ መደቡ ነጭ፣ ዙሪያው ቀይ፣ መሃሉ ላይ ጥቁር ሳይክል አለ። "ይሄ ምን ማለት ነው?" ባሕር ዳር ሳይክል የሞላባት ከተማ ናትና ወንድሟ ቶሎ "የሳይክል መንገድ ነው" ሊላት ይችላል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሳይክል እንዳይገባ ተከልክሏል።

መጀመሪያ ስዕሉን በጣትዎ ሸፍነው ቅርጹን ብቻ ይዩ። በ1968 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ የተፈረመውን ስምምነት በሚከተሉ አብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች፣ ጫፉ ወደ ላይ የሆነ ሶስት ማዕዘን ያስጠነቅቃል፣ ክብ ግን ያዛል ወይም ይከለክላል። ባለ ስምንት ጎን "ቁም" ነው፤ የተገለበጠ ሶስት ማዕዘን "ቅድሚያ ስጥ"። እነዚህ ሁለቱ ቅርጻቸው ከሌላው የተለየ ስለሆነ በረዶ ቢሸፍናቸውም፣ ከጀርባ ቢታዩም ይለያሉ።

ቀጥሎ ቀለሙ። ክቡ ዙሪያው ቀይ ከሆነ መሃሉ ላይ የተሳለው ነገር የተከለከለ ነው። ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ሰያፍ መስመር ካላዩ የተፈቀደ ይመስላቸዋል። አውሮፓ ውስጥ ግን ብዙ ክልከላዎች መስመር የላቸውም፤ ቀዩ ጠርዝ ብቻውን ይበቃል። ክቡ በሙሉ ሰማያዊ ሆኖ ሳይክሉ ነጭ ቢሆን ኖሮ ትርጉሙ "ሳይክል ነጂ በዚህ መንገድ ሂድ" ይሆን ነበር። ያ ደግሞ ግዴታ ነው፣ ፈቃድ ብቻ አይደለም።

ፎቶው ከአሜሪካ ከሆነ ይህ ልማድ ይለወጣል። እዚያ ማስጠንቀቂያው በጫፉ የቆመ ቢጫ አራት ማዕዘን ነው፤ በስዕል የሚከለክሉት ምልክቶችም ብዙውን ጊዜ ቀይ ሰያፍ መስመር አላቸው። ስለዚህ ፎቶው የት አገር እንደተነሳ ሳይጠይቁ አይፍረዱ።

ፎቶ ላይ ያለ ቀለምም ያታልላል። የመንገድ መብራት ነጩን ቢጫ ያስመስለዋል፣ ፀሐይ የመታው ቀይ ደግሞ ይገረጣል። ለማጣራት በፎቶው ውስጥ ነጭ መሆኑን የሚያውቁትን ነገር፣ ለምሳሌ የአስፋልቱን መስመር ይዩ። እሱም ከቢጫ ጋር ከተቀላቀለ ጥፋቱ የመብራቱ ነው። ግን ይጠንቀቁ፤ ስዊድንና ፊንላንድ ውስጥ የክልከላው መደብ በእውነትም ቢጫ ነው።

በመጨረሻ ከምልክቱ ስር ትንሽ ሰሌዳ ካለ እሱን ያንብቡ። ሰዓት፣ ርቀት ወይም የማይመለከታቸውን ሰዎች ይጽፋል። ጀርመን ውስጥ "ፍራይ" የሚል ቃል ካለበት፣ ከጎኑ የተጠቀሰው ከክልከላው ነፃ ነው ማለት ነው። እህትየው ምልክቱን ብቻ ቆርጣ ልካ ከሆነ፣ ምሰሶው ከላይ እስከ ታች የሚታይበትን ፎቶ እንድትልክ ይጠይቋት።