የተጨፈነ ዓይንና ሁለት ጉትቻ፦ በቡድን ፎቶ ላይ ፊት ስትቀይሩ የሚገጥም ችግርና መፍትሄው

ሠርግም ይሁን ምርቃት፣ 20 ሰው አሰልፋችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ካነሳችሁ አንዱ ዓይኑን መጨፈኑ አይቀርም። ስለዚህ ሦስት አራት ጊዜ ትጫናላችሁ። ኋላ ፎቶሾፕ ላይ ከአንዱ ፍሬም የተገለጠውን ፊት አምጥታችሁ በሌላው ላይ ታስቀምጣላችሁ። ሌየር መደርደርና ማስክ መጨመር ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምጽፈው። ዋናው ፎቶ ከታች፣ ዓይኑ የተገለጠበት ከላይ። ሁለቱን ሌየር መርጣችሁ በ Auto-Align Layers ማገጣጠም። ላይኛው ላይ ጥቁር ማስክ፣ ከዚያ የምትፈልጉትን ቦታ በነጭ ብሩሽ መቀባት። አሠራሩ ይኸው ነው። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ብሩሹ ፊቱ ላይ ነጭ ቀለም ይለቀልቃል

ማስኩን ሳይሆን ፎቶውን መርጣችኋል። ሌየሩ ላይ ካሉት ሁለት ትናንሽ ሥዕሎች የማስኩን ተጫኑ፤ ዙሪያውን ክፈፍ ሲያደርግ ያኔ ቀቡ።

Auto-Align Layers ደብዝዞ አልነካ ይላል

ወይ አንድ ሌየር ብቻ መርጣችኋል፣ ወይ ከሌየሮቹ አንዱ Smart Object ነው። ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ Rasterize Layer በሉት።

ፊቱ መጣ፣ ግን የታችኛው ያሳልፋል

ማስኩ ነጭ ሳይሆን ግራጫ ሆኗል። Alt ይዛችሁ ማስኩን ብትጫኑ ማስኩ ብቻውን ይታያል፤ ግራጫውን ቦታ ታገኙታላችሁ። የብሩሹን Opacity እና Flow 100 አድርጋችሁ መሃሉን ድገሙት።

ሁለት ጆሮ፣ ሁለት ጉትቻ፣ ድርብ የነጠላ ጥለት

እዚህ ላይ ረጋ እንበል። ከሚመጡልኝ የተበላሹ ፎቶዎች አብዛኞቹ ይሄ ናቸው።

አንድ የመልስ ፎቶ ነበር። 19 ሰው ደረጃ ላይ ቆሟል። ፊት ለፊት አያትየዋ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ነጭ ነጠላ በትከሻቸው፣ የወርቅ ጉትቻ በጆሯቸው። በሁለተኛው ፍሬም ሁሉም ሰው አምሯል፤ እሳቸው ብቻ ጨፍነዋል። በሦስተኛው ዓይናቸው ተገልጧል፣ ፈገግ ብለዋል። ቀላል ነው ብዬ ፊታቸውን ከሦስተኛው ወደ ሁለተኛው አመጣሁ። ሰፋ ባለ ለስላሳ ብሩሽ ግንባር፣ ጉንጭ፣ አገጭ ቀባሁና ላክሁ። ማታ ልጃቸው ደወለች። «እማዬ በአንድ ጆሮ ሁለት ጉትቻ መቼ ነው ያደረገችው?» አለችኝ።

ለምን እንዲህ ሆነ? Auto-Align Layers ሁለቱን ፎቶ የሚያገጣጥመው በሁለቱም የሚመሳሰለውን ነገር ፈልጎ ነው። የሚያገኘው ደግሞ ደረጃውን፣ ግድግዳውንና ያልተነቃነቀውን ሰው ነው። ያ ሁሉ ልክ ይገጥማል። አያትየዋ ግን በሦስተኛው ፍሬም ወደ ፊት ሁለት ጣት ያህል ጎንበስ ብለው ነበር። ስለዚህ አዲሱ ፊት ከአሮጌው ጭንቅላት ላይ ሸርተት ብሎ ተቀመጠ። አሮጌው ጆሮ ከጉትቻው ጋር ከጀርባ ብቅ አለ። ካሜራው በእጅ ተይዞ ትንሽ ወደ ጎን ከሄደም እንዲሁ ነው፤ ኋላ ያለው ሲገጥም ፊት ያለው አይገጥምም።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ብሩሹን የባሰ ያለሰልሰዋል። ደብዘዝ ሲል ይደበቃል ብሎ። አይደበቅም! ሁለት ጉትቻ ደብዝዞም ሁለት ጉትቻ ነው።

እኔ ብዙ ፎቶ ካበላሸሁ በኋላ የገባኝ ይሄ ነው፦ ዋናው ጥያቄ ፊቱ የት ይቀመጥ አይደለም፣ የማስኩ ድንበር በየት ይለፍ ነው። ድንበሩ ማለፍ ያለበት ሁለቱ ፍሬሞች አንድ በሆኑበት ቦታ ብቻ ነው። ያንን ቦታ በዓይን ግምት አትፈልጉት። ማስኩን ከመጨመራችሁ በፊት የላይኛውን ሌየር ከ Normal ወደ Difference ቀይሩት። ፎቶው ይጠቁራል። ጥቁር የሆነው ቦታ ሁለቱ ፍሬሞች የተስማሙበት ነው። የሚያበራ መስመር ያለበት ቦታ የተነቃነቀ ነገር አለ። አንዱ ፍሬም ከሌላው ከጨለመ ጥቁሩ ግራጫ ሊመስል ይችላል፤ ለዚያ አትጨነቁ፣ የሚያበሩትን ጠርዞች ብቻ ተከተሉ።

የአያትየዋን ፎቶ እንደገና በዚህ መንገድ ከፈትሁት። የፊታቸው ዙሪያ በሙሉ ያበራል፤ ጆሮው፣ ሻሹ፣ የነጠላው ጥለት፣ ትከሻው ድረስ። እኔ ድንበሬን ያሳለፍሁት ልክ በዚያ መሃል ነበር። በግራቸው የቆመው ልጅ ጥቁር ሱፍ ለብሷል፤ ሱፉ ምንም አያበራም። በቀኛቸው የደረጃው ድንጋይ ነው፤ እሱም ጥቁር። ከታች ጉልበታቸው ላይ ያለው ቀሚስ አልተነቃነቀም።

መንገዱ ተገኘ ማለት ነው። ሌየሩን ወደ Normal መለስሁ፣ Alt ይዤ የማስኩን ምልክት ተጫንሁ፣ ማስኩ ጥቁር ሆኖ መጣ። ከዚያ ፊታቸውን ብቻ ሳይሆን ሴትዮዋን ከወገብ በላይ በሙሉ፣ ከዙሪያቸው ካለው ትንሽ ጋር አመጣሁ። ድንበሩ በግራ በሱፉ፣ በቀኝ በድንጋዩ፣ ከታች በቀሚሱ ላይ አለፈ። ጭንቅላታቸውን አልገፋሁም፣ አላዞርሁም። አሮጌው ጆሮ ከነጉትቻው ጠፋ፤ ምክንያቱም እሱ የነበረበት ቦታም ከሦስተኛው ፍሬም መጥቷል። የፈጀብኝ አሥር ደቂቃ አይሞላም። የመጀመሪያው ሙከራ አንድ ሰዓት በልቶኝ ነበር።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይቀናም። ሰውየው መሃል ላይ ተጣብቆ ከቆመ ጥቁር መንገድ ላይገኝ ይችላል። ያኔ ጭንቅላቱን ለብቻው ማንሳት ግድ ነው። ሌየሩን ወደ Normal መልሱ፣ በ Lasso ጭንቅላቱን ከነአንገቱ ሰፋ አድርጋችሁ ክበቡ፣ Ctrl+J በሉ። አዲስ ሌየር ይሆናል፤ ያልተቆረጠውን ሙሉ ሌየር ለጊዜው ደብቁት። Opacity 50 አድርጉና Ctrl+T። አሁን በምን ታገጣጥሙታላችሁ? በዓይን አይሆንም፣ አንዱ ተጨፍኗል። የአፍንጫ ጫፍና ሁለቱን የጆሮ ግንድ ያዙ። አፍን አትመኑ፤ ፈገግታ ሲቀየር ይሄዳል። አንድ ሁለት ዲግሪ ማዞር፣ ትንሽ ማሳነስ ችግር የለውም። ከ5 በመቶ በላይ ማሳነስ ወይም ማሳደግ ከጠየቃችሁ ግን ሌላ ፍሬም ፈልጉ። ሰውየው አንገቱን አዙሯል ማለት ነው፣ አይታረቅም።

የገጠመውን ጭንቅላት Opacity ወደ 100 መልሱና ጥቁር ማስክ ጨምሩ። የብሩሹ ልስላሴ እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። ለጉንጭና ለአንገት ቆዳ Hardness 0 ይሁን። አገጭ ነጭ ነጠላ ላይ በሚያርፍበት፣ ወይም ጆሮ ከጥቁር ሱፍ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ግን ከ60 እስከ 70 አድርጉት። ፎቶው ላይ ጠርዙ ስለታም ከሆነ ብሩሹም ስለታም ይሁን። አለበለዚያ ጭንቅላቱ ዙሪያ እንደ ቅዱሳን ሥዕል ብርሃን ይወጣበታል።

አሮጌው ጭንቅላት አሁንም ከጎን ብቅ ካለ የደበቃችሁትን ሙሉ ሌየር መልሳችሁ ግለጡት። እሱን ከታችኛውና ከጭንቅላቱ መሃል አስገቡት፣ ጥቁር ማስክ ስጡት፣ ብቅ ያለችውን ቦታ ብቻ በነጭ ንኩ። በዚያ ፍሬም ሰውየው ከቦታው ስለተነሳ ብዙ ጊዜ ኋላው ያለው ነገር ንጹህ ሆኖ ይገኛል።

እጅ ተጠንቀቁ። አንዴ የሙሽራው አጎት በአንዱ ፍሬም እጁን እህቱ ትከሻ ላይ አድርጓል፣ በሌላው አውርዷል። እሷን አመጣሁ፣ እጁም አብሮ መጣ፤ ክንድ የሌለው እጅ። ከታተመ በኋላ ነው ያየነው። ሰው ስታመጡ ትከሻውን፣ ክርኑንና ጭኑን እያያችሁ «ይሄ የማን እጅ ነው?» በሉ።

ፊቱ ከሰፈሩ ሰው ተለየ፤ ጠቆረ ወይም ቢጫ ሆነ

ፍላሹ ሳይሞላ ተጫናችሁ። በተከታታይ ሲነሳ ፍላሹ ሙሉ ጉልበቱን ላያወጣ ይችላል፣ በተለይ ርካሽ ባትሪ ከሆነ። ለአንድ ፓኬት ባትሪ ሲሉ የሠርግ ፎቶ የሚያበላሹ ሰዎች አሉ። ነጭ ባላንሱም አውቶ ላይ ከነበረ ከፍሬም ፍሬም ይዋልላል። ሮው ካላችሁ ሁለቱን ፎቶ በ Camera Raw አንድ ዓይነት White Balance ስጧቸው፣ የጨለመውን Exposure ከፍ አድርጉ፣ ከዚያ ነው ወደ ሌየር መግባት። ጄፔግ ብቻ ከሆነ ከላይኛው ሌየር በላይ Curves ጨምሩና Ctrl+Alt+G በሉት፤ ያን ሌየር ብቻ ይነካል። ቀለሙን ከግንባር ላይ አትለኩ፣ ግንባር ያብለጨልጫል። አንገት ላይ ለኩ።

ፊቱ ገጠመ፣ ግን ደነዘዘ

ፎቶው በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ነው፤ ስለዚህ ተጨምቋል። እንደ ፋይል ይላክላችሁ። ይህን ለስንተኛ ጊዜ እንደምናገር አላውቅም።

ዓይኑ ተገለጠ፣ ሰውየው ግን ደነገጠ

ዓይኑን ብቻ ቀይራችኋል። ሰው ሲጨፍን ቅንድቡ ይወርዳል፣ ጉንጩም ይቀየራል። ያንን ትታችሁ ሁለት ዓይን ብትለጥፉ ሰውየው ሌባ ያየ ይመስላል። ጭንቅላቱን በሙሉ አምጡ።

ሁሉም ልክ ሆነ፣ ባለቤቱ ግን አልወደደውም

በ Eraser የምትሠሩ ሰዎች እዚህ ጋ ነው የምታለቅሱት። የተፋቀ አይመለስም። ገጣጥማችሁ በጄፔግ ብቻ የምታስቀምጡም እንደዚያው። ፒኤስዲውን ከነሌየሩ አስቀምጡ።

አንድ የክርስትና ፎቶ ላይ ጥግ የቆሙ ቄስ ጨፍነው ነበር። ሳልጠየቅ ሌላ ፍሬም ፈልጌ ዓይናቸውን ገለጥሁ። አሪፍ ሥራ ነበር፣ ድንበሩ በግድግዳው ላይ አልፎ ምንም አይታወቅም። የሕፃኑ አባት አየና «አባ እኮ እየጸለዩ ነበር፣ መልሳቸው» አለኝ። ማስኩን መረጥሁ፣ D ተጫንሁ፣ Ctrl+Backspace። ማስኩ ጠቆረ፣ አባ ወደ ጸሎታቸው ተመለሱ።