«ዋስትናው አልፏል» ሲሏችሁ መጀመሪያ ቀኑን እዩ

ፍሪጁ ከተገዛ ዓመት አልሞላውም፣ ጥገና ክፍሉ ግን «ጊዜው አልፏል» ብሎ ይመልሳችኋል። እዚህ ደብረ ብርሃን ፍሪጅ ስጠግን እንደዚህ ተብሎ የተመለሰ ሰው በየጊዜው ይመጣብኛል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የቀን አጻጻፍ ነው። ሻጩ ካርዱን በእጁ ሲሞላ በእኛ አቆጣጠር ይጽፋል፣ ደረሰኙ ደግሞ ከማሽኑ የሚወጣው በፈረንጆች ነው።

አንዲት እናት ከሸዋ ሮቢት ፍሪጃቸውን በአይሱዙ ጭነው ጣርማ በርን አቋርጠው መጡ። የገዙት ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፣ ማቀዝቀዝ ያቆመው ሰኔ ላይ። ካርዱ ላይ «12/03/2016» ይላል፣ «ዓ.ም.» የሚል ምልክት የለውም። ጥገና ክፍሉ ቀኑን በፈረንጅ አንብቦ «ስምንት ዓመት አልፎታል» አላቸው። ደረሰኙን አምጡ አልኳቸው። ፍሪጁ አናት ላይ በሙቀት ከርሞ ግማሹ ጠቁሯል፣ ደግነቱ የቀኑ መስመር ይነበባል፦ 22/11/2023። ያው ኅዳር 12 ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዘው ሲሄዱ ተቀበሏቸው፣ የተበላሸው ቴርሞስታት ስለነበር በነጻ ተቀየረላቸው።

መፍትሄው ሱቁ ውስጥ ነው የሚያልቀው። ሻጩ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብሎ ይጻፍ፣ ማህተሙንም እዚያው ያሳርፍ። ቤት ገብታችሁ በራሳችሁ እስክሪብቶ እንዳታስተካክሉ! የተሰረዘ ወይም የተደለዘ ካርድ አይቀበሉም። ደረሰኙን በገዛችሁበት ቀን በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ኮፒም አድርጉት፤ ወረቀቱ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ፀሐይና ላስቲክ ያጠፉታል። ባዶ ካርድ ማህተም መትቶ «አንተው ሙላው» የሚል ሻጭ ግን በጣም ያናድደኛል፣ የሰው ገንዘብ ነው የሚጫወትበት።

ሌላው፣ በሩ ላይ «ኮምፕረሰር 5 ዓመት» የሚል ተለጥፎ ሰው ፍሪጁ በሙሉ 5 ዓመት ዋስትና ያለው ይመስለዋል። የእኚህ እናት ካርድ ሙሉ ዕቃውን 1 ዓመት፣ ኮምፕረሰሩን ብቻ 5 ዓመት ይላል። ቴርሞስታቱ በ14ኛው ወር ቢበላሽ ኖሮ ከኪሳቸው ይከፍሉ ነበር። ኮምፕረሰሩ ራሱ ቢሆንም እንኳ ብዙ ካርዶች ዕቃውን እንጂ የእጅ ዋጋ፣ ጋዝና ማጓጓዣ አይሸፍኑም፤ ይህ በደቃቅ ፊደል ከታች ስለሚጻፍ እዚያ ድረስ አንብቡ።

ካርዱ ላይ ያለው ሲሪያል ቁጥር ከፍሪጁ ጀርባ ካለው ጋር ካልገጠመ ካርዶች ተቀያይረዋል ማለት ነው፣ ከሱቁ ሳትወጡ አስተካክሉ። ጀርባው ላይ ያለችውን ተለጣፊ ወረቀት ልጆች እንዳይልጧት። መብራት ከፍ ዝቅ ብሎ ያቃጠለውን አብዛኛው ካርድ አይሸፍንም፣ ስታቢላይዘር ግዙ። ዋስትናው ሳያልቅ ደግሞ የሰፈር ጠጋኝ፣ እኔንም ጨምሮ፣ እንዳይከፍተው፤ የተቆረጠ ቱቦ ወይም አዲስ ብየዳ ካዩ አይቀበሉም። ለዚህ ነው የእኚያን እናት ፍሪጅ አንድ ብሎን እንኳ ሳልፈታ የመለስኩት።