ኮምፒውተሩ «ምንም አልወጣም» ሲል፦ በመድኃኒት ባች ምዝገባ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

አንድ ጅምላ አከፋፋይ የአንድ መድኃኒት ሁለት ባች፣ ማለትም እያንዳንዱ በአንድ ዙር አብሮ የተመረተና የራሱ ቁጥር ያለው ሁለት ክፍል፣ መጋዘኑ ውስጥ አለው እንበል። KB204 የሚባለው 600 ፓኮ ሆኖ ገብቶ 460ው ስለወጣ በመዝገብ 140 ቀርቷል። KB207 የሚባለው ኋላ የመጣ ሲሆን 400 ገብቷል፣ በመዝገብ አንድም አልወጣም። አንድ ጠዋት KB207 ከገበያ እንዲሰበሰብ የሚያዝ ደብዳቤ ይመጣል። ሥራ አስኪያጁ ኮምፒውተሩን አይቶ «400ውም እጃችን ላይ ነው፣ ወደ ገበያ የገባ የለም» ብሎ ሊመልስ ይቸኩላል።

መደርደሪያው ሲቆጠር ግን KB207 370 ነው። KB204 ደግሞ 170 ሆኖ ይገኛል። ሁለቱ ሲደመሩ 540፤ በመዝገብም 540። ዓመታዊ ቆጠራው ጠቅላላውን ብቻ የሚያይ ከሆነ ይህ መጋዘን ንጹሕ ነው፤ ኦዲተሩም ፈርሞ ይሄዳል። የተሰበሰበው ባች 30 ፓኮ ግን ደረሰኙ KB204 ነው እያለ ውጭ አገልግሎት ላይ ውሏል።

ሲገባ መዝግቦ ሲወጣ መገመት

ከላይ ያለው ጉድለት የመጣው ከዚህ ነው። ዕቃ ሲገባ ሁሉም ሰው ጠንቃቃ ነው፤ ባች ቁጥሩም የማብቂያ ጊዜውም ገቢ ሰነዱ ላይ ይሰፍራል። ሲወጣ ግን ኮምፒውተሩ «ቀድሞ የሚያበቃ ቀድሞ ይውጣ» በሚለው ደንብ KB204ን ራሱ መርጦ ደረሰኙ ላይ ያትማል። ዕቃ አውጪው ደግሞ ለበሩ የቀረበውን ካርቶን ያነሣል፣ እሱም KB207 ነው። ማንም አልዋሸም፤ ደረሰኙ የታተመው እጅ ዕቃውን ከመንካቱ በፊት መሆኑ ብቻ ነው።

መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። ኮምፒውተሩ የትኛው ባች እንዲወጣ ይጠቁም፤ ደረሰኙ የሚዘጋው ግን የተነሣው ካርቶን በስካነር ከተነበበ በኋላ ይሁን። ስካነር የሌለው ቤት በቢን ካርድ፣ ማለትም ዕቃው አጠገብ በሚቀመጥ የገቢና የወጪ መመዝገቢያ ካርድ፣ መሥራት ይችላል፤ ነገር ግን ለአንድ መድኃኒት አንድ ካርድ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ባች የራሱ ካርድ ወይም የራሱ መስመር ያስፈልገዋል። ቆጠራውም በባች ይሁን። አንዱ ባች በጎደለው ልክ ሌላው ከተረፈ ዕቃ አልጠፋም፤ መዝገብና እጅ ተለያይተዋል ማለት ነው።

ስህተቱ ከተሠራ በኋላስ? 30ው ፓኮ ያለው «KB204» ተብለው ከተሸጡት መካከል ነው። KB207 መጋዘኑ ከመግባቱ በፊት የተሸጠው ከጥርጣሬ ነጻ ስለሆነ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ KB204 የሚል ደረሰኝ የተቆረጠላቸውን ደንበኞች ሁሉ ጠርቶ ፓኮውን ራሱን እንዲያነቡ መጠየቅ ነው። ደረሰኙን እንዳያነቡ! ደረሰኙ ነውና የተሳሳተው።

የማብቂያ ጊዜን ወደ እኛ አቆጣጠር በግምት መመለስ

ፓኮው ላይ 11/2026 ይላል፤ የጎርጎርዮስ ኖቬምበር ነው። አንዱ «ሰባት እቀንሳለሁ» ብሎ 11/2019 ብሎ ይጽፋል። ዓመቱ ትክክል ነው፤ የጎርጎርዮስ ኖቬምበር 30 ቀን 2026 በእኛ ኅዳር 21 ቀን 2019 ነው። ወሩ ግን ሳይቀየር ቀረ፤ የእኛ 11ኛ ወር ሐምሌ ነው። መዝገቡን የሚያነበው ሰው ሐምሌ 2019 ብሎ ስለሚረዳው ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ስምንት ወር ያህል መደርደሪያ ላይ ይቆያል። ሌላው ደግሞ ስምንት ቀንሶ ሐምሌ 2018 ይላል፤ እሱ ደህናውን መድኃኒት ያለ ጊዜው ያስወግዳል።

ስለዚህ የማብቂያ ጊዜ አይተረጎምም። ፓኮው ላይ እንዳለው፣ በጎርጎርዮስ፣ ዓመቱ በአራት አኃዝ ይጻፍ። የገቢና የወጪ ቀን በእኛ አቆጣጠር ቢጻፍ ችግር የለውም፤ ሁለቱ በአንድ ዓምድ ውስጥ እንዳይቀላቀሉ ብቻ። ቀኑ ሳይጠቀስ ወርና ዓመት ብቻ ከታተመ እንደ ወሩ የመጨረሻ ቀን ይወሰዳል።

ባርኮዱን ሳይፈትሹ ማመን

አሁን በብዙ መድኃኒቶች ላይ የምናየው ባለ ነጠብጣብ አራት ማዕዘን ኮድ አራት ነገር ይይዛል፦ የምርቱን መለያ (01)፣ የማብቂያ ጊዜውን (17)፣ ባች ቁጥሩን (10) እና የእያንዳንዱን ፓኮ ተከታታይ ቁጥር (21)። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ርዝመታቸው የተወሰነ ነው። ባች ቁጥር ግን እስከ 20 ፊደልና አኃዝ ሊረዝም ስለሚችል፣ ማብቃቱን የሚናገር `GS` የተባለ የማይታይ ምልክት ከኋላው ይከተላል።

```
0109506000134352 17270228 10KB207<GS>217718305
```

ክፍተቶቹ ለንባብ እንዲመች የገቡ ናቸው። እንደ ኪቦርድ ሆኖ የሚሠራ ስካነር ይህን የማይታይ ምልክት ብዙ ጊዜ ይጥለዋል። ያን ጊዜ ፕሮግራሙ ባች ቁጥሩን `KB207217718305` አድርጎ ይመዘግባል፤ እያንዳንዱ ፓኮም የራሱ «ባች» ያለው ይሆናል። KB207 ተብሎ ሲፈለግ መልሱ «የለም» ነው። ከስህተት ሁሉ ይህ ይከፋል፤ መልካም ዜና መስሎ ነው የሚመጣው። አዲስ ስካነር ሲገዛ አሥር ፓኮ አንብቦ በዓይን ከታተመው ጋር ማስተያየት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ባች ቁጥርን ያለ አምራቹ መያዝ

ባች ቁጥር አምራቹ ለራሱ የሚሰጠው ነው፤ ሌላ ፋብሪካ ያንኑ ቁጥር ከመጠቀም የሚከለክለው የለም። በ2018 እንደ ጎርጎርዮስ ቫልሳርታን የተባለው የደም ግፊት መድኃኒት ዜጂያንግ ሁዋሃይ በተባለ የቻይና ፋብሪካ በተመረተው ጥሬ ንጥረ ነገር ውስጥ ኤንዲኤምኤ የሚባል፣ ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚጠረጠር ቆሻሻ ተገኝቶበት በብዙ አገሮች ተሰበሰበ። የአንዳንድ አምራቾች ቫልሳርታን ተነካ፣ የሌሎቹ አልተነካም። መዝገቡ «ቫልሳርታን 80 ሚሊ ግራም» ብቻ የሚል መጋዘን ሁሉንም ከመሰብሰብ ወይም ከመገመት ሌላ አማራጭ የለውም።

ዜሮን ከO፣ 1ን ከI ማምታታትም እዚሁ ይገባል፤ ቁጥሩን ሁለት ሰው ቢያነበው ይበቃዋል።

መጨረሻው ላይ ክሩን መበጠስ

ችርቻሮ ፋርማሲ ውስጥ ባች ቁጥሩና ማብቂያው የታተመው ብዙ ጊዜ በእሽጉ አንድ ጫፍ ላይ ነው። አምስት ፍሬ ለሚገዛ ሰው ያ ጫፍ ተቆርጦ ከተሰጠው መደርደሪያው ላይ የቀረው ስም አልባ ይሆናል። ከሌላኛው ጫፍ ይቆረጥ፤ ለታካሚው በሚሰጠው ፖስታ ላይ ደግሞ ቁጥሩ በእጅ ይጻፍ።

ጅምላ ሻጩ ዘንድ ክሩ የሚበጠሰው «የእጅ በእጅ ደንበኛ» በሚለው መስመር ነው። ባቹ ተመዝግቧል፣ ብዛቱ ተመዝግቧል፣ የገዢው ስም ግን የለም። ሽያጩ ተጣርቶ በእጅ በእጅ ስም የወጣው ድርሻ ስንት እንደሆነ ይታይ። መሰብሰቢያ ደብዳቤ ሲመጣ ያን ያህሉን የሚደወልለት ሰው የለም፤ የሚቀረው ማስታወቂያ ማስነገር ነው።